የዙም ትርጉም ቻናል ወይስ ሁለተኛ ሊንክ? የእድራችን ገንዘብ የሄደበት

ሜሪላንድ ያለው እድራችን ጠቅላላ ጉባኤውን የሚያካሂደው በዙም ነው። ወላጆች በአማርኛ ይከራከራሉ፣ እዚህ ያደጉት ልጆች በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። «እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?» የሚለኝ ስለበዛ ልጻፈው። እኔ የማደላው ለዙሙ ቻናል ነው።

ሁለት ሊንክ ማለት ስብሰባው በአንዱ፣ የአስተርጓሚዋ ድምፅ በሌላ ነፃ ጥሪ ማለት ነው። አምስት ሳንቲም አይወጣበትም፤ ያማለለንም እሱ ነው። አስተርጓሚያችን በላፕቶፕ እየሰማች በስልኳ ትናገር ነበር። ነፃው ጥሪ 60 ደቂቃ ሲሞላ፣ ገና ሂሳብ ሹሙ ሪፖርቱን ሳይጨርሱ፣ ተቋረጠ። የባሰው ግን አንዲት ልጅ በእንግሊዝኛ ስትጠይቅ መጣ፤ ጥያቄዋን ለእናቶች በአማርኛ የሚያደርስ መስመር የለም። ለእሱ ደግሞ ሦስተኛ ሊንክ ሊከፈት ነው።

የዙሙ ቻናል ማለት ደግሞ በዚያው አንድ ስብሰባ ውስጥ ለየቋንቋው የተለየ የድምፅ መስመር ማለት ነው። አስተርጓሚዋ ከስክሪኑ ግርጌ የምትናገርበትን ቋንቋ ትመርጣለች፣ ድምፅዋ ወደዚያው ቻናል ይገባል። መቀየር ከረሳች አማርኛው እንግሊዝኛ ሰሚዎች ጆሮ ውስጥ ይገባልና አንድ ሰው ቻናሉን እየሰማ ይጠብቃት።

ዋጋው ላይ እኔ ተሞኝቻለሁ። ሳላነብ ፕሮ የሚባለውን የዙም ፓኬጅ ለዓመት ገዛሁ፣ ወደ 160 ዶላር፤ በገዛሁት ላይ የትርጉም ቁልፉ የለም። ከፍ ወዳለው ፓኬጅ ለመዛወር እንደገና ከፈልን። ከመክፈላችሁ በፊት ፓኬጁ `Language Interpretation` እንዳለው አረጋግጡ። ጉባኤያችሁ በዓመት ሁለቴ ከሆነ የወር ክፍያ ይበቃል፤ ወሩ ሳያልቅ መሰረዝ እንዳትረሱ።

አማርኛን ከዝርዝሩ ስላጣሁት ሴቲንግ ውስጥ ራሴ ጨመርኩት። ስብሰባውን ስትመዘግቡ የአስተርጓሚዋን ኢሜይል ታስገባላችሁ፤ በሌላ ኢሜይል ከገባች ቻናሉ አይከፈትላትም፣ ሰብሳቢው በእጁ ሊመድባት ነው። በቋሚው የግል የስብሰባ ቁጥር ደግሞ አይሠራም፣ አዲስ ቁጥር ይውጣ። ትርጉሙን የሚያስጀምረው ሰብሳቢው ከኮምፒውተር ነው።

ቆጥበን ለአስተርጓሚዋ የገዛነው የ14 ዶላር ማዳመጫ የታወቀ ስም የተለጠፈበት ፎርጂድ ነበር። ማይኩ ይንኮሻኮሻል፣ በሁለተኛው ስብሰባ ጭራሽ ዘጋ። ባለ 45 ዶላሩ ባለሽቦ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ብሉቱዝ ግን አልመክርም፣ ባትሪው መሃል ላይ ያልቃል።

አንድ አባታችን በስልክ ቁጥር ደውለው ነበር የሚገቡት፤ እንዲያ የገባ ሰው የሚሰማው ዋናውን ድምፅ ብቻ ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛ ሲያወሩ «ምን አሉ?» እያሉ ሲጠይቁ ቆዩ። አሁን የልጅ ልጃቸው አፑን ጭኖላቸዋል፤ ስብሰባው ሲጀመር `Interpretation` ከፍቶ አማርኛን ይነካላቸዋል፣ ቀጥሎ `Mute Original Audio` ይጫንላቸዋል። አለዚያ ከሥር የሚሰማው እንግሊዝኛ ያውካቸዋል።