አረንጓዴ ማንጎ ወይስ አረንጓዴ ፓፓያ? ቤት ገብቶ የሚጣፍጠው የቱ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ጁስ ቤት አለኝ። ፍራፍሬ የምገዛው ለዕለቱ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥሉት አምስት ስድስት ቀናትም ነው። ስለዚህ ገበያ ስወጣ ዓይኔ የሚያርፈው አረንጓዴው ላይ ነው። የበሰለውን መምረጥ አያስቸግርም፤ ሽታው ራሱ ይጠራል። አረንጓዴው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዛፉ ላይ ደርሶ፣ ሳይበስል የተቀጠፈ ነው። ሌላው ገና እንጭጭ ነው። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው፣ ሻጩም ለሁለቱ አንድ ዋጋ ይጠራል።

ምርጫዬን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ማንጎ ከደረሰ፣ ድፍን አረንጓዴ ቢሆንም እገዛለሁ። ፓፓያ ግን ቢጫ ካልጀመረው አልገዛም።

ልዩነቱ ያለው ውስጣቸው ነው። ማንጎ ዛፉ ላይ እያለ ስታርች ያጠራቅማል። ከተቀጠፈ በኋላ ያ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ስንቁን ይዞ ነው ከዛፉ የሚወርደው። ፓፓያ እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ጣፋጭነቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ከዛፉ ጋር እንደተያያዘ ነው። ከተቀጠፈ በኋላ ይለሰልሳል፣ ልጣጩም ቢጫ ይሆናል፤ ስኳሩ ግን ብዙም አይጨምርም። ቢጫና ለስላሳ ሆኖ ውሃ ውሃ የሚል ፓፓያ በልታችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ማንጎን ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው። ትከሻ የምለው ዘንጉ ከተያያዘበት ቦታ ግራና ቀኝ ያለውን ነው። እንጭጭ ማንጎ ትከሻው ወደ ታች ያዘቀዘቀ ነው፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ቆሞ ይታያል። ሲደርስ ትከሻው ይሞላና ከዘንጉ ከፍ ይላል። ያኔ ዘንጉ ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ጉንጩም ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ይሞላል። ይህ ምልክት ክብ በሆኑት ላይ ጎልቶ ይታያል። ረዘም ባለው ያገር ማንጎ ላይ ግን ትከሻው ያን ያህል ስለማይነሳ ጉንጩን ማየት ይሻላል።

ቀለም ያታልላል። ቀይ ፊት ያላቸው ማንጎዎች ገና ሳይደርሱም ይቀላሉ። ቅላቱ ከዝርያውና ፀሐይ ካገኘው ጎን ጋር የተያያዘ ነው እንጂ ስለመድረሱ አይናገርም። ሌላም አለ። በአገራችን መጀመሪያ ወለጋ ላይ በ2002 ዓ.ም. የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ የተጣበቀበት ልጣጭ ላይ ሮዝና ቢጫ ነጠብጣብ ይተዋል። ያን ነጠብጣብ የመብሰል ጅማሬ አድርገው የሚገዙ ሰዎች አይቻለሁ። በጥፍር ጫር አድርጉት። ነጭ ቅርፊት ከተነሳ ተባይ ነው።

ብዙ የምትገዙ ከሆነ አንዱን አስቆርጡ። ቢላዋው ፍሬውን ከነአጥንቱ ከከፈለው እንጭጭ ነው። የደረሰ ማንጎ አጥንቱ ጠንክሮ ቢላዋ አያሳልፍም፣ አጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋም ከነጭነት ወጥቶ ቢጫ ቢጫ ማለት ይጀምራል።

ፓፓያ ላይ ትከሻ መፈለግ አያስፈልግም። ገልብጡና ታችኛውን ጫፍ፣ አበባው የነበረበትን ተመልከቱ። ከዚያ የሚነሳ ቢጫ መስመር ካለ፣ ቀጭንም ቢሆን፣ ደርሷል። አንድ ሁለት መስመር ያለው ፓፓያ ለኔ ምርጡ ነው፤ ለመያዝ ጠንካራ ነው፣ ስኳሩንም ይዟል። መስመር ከሌለው ልጣጩን በጥፍር ጫን በሉ። የሚወጣው ሙጫ እንደ ወተት ነጭና ወፍራም ከሆነ ገና ነው። እየደረሰ ሲሄድ ሙጫው እየቀጠነ ውሃ ይመስላል። አንዳንድ ሻጭ ቆርጦ ጥቁር ፍሬ ያሳያል። ነጭ ፍሬ በእርግጥ የእንጭጭ ምልክት ነው። ፍሬው ጠቆረ ማለት ግን ጣፍጧል ማለት አይደለም፤ የስኳሩ መጨረሻ ከዚያም በኋላ ሊገባ ይችላል።

ባለፈው ግንቦት ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከዘጌ ከመጣች እናት 20 ማንጎ ገዛሁ፣ ሁሉም አረንጓዴ። ከሌላ ሻጭ ደግሞ 5 ፓፓያ አነሳሁ። ሁለቱ ከታች ቢጫ መስመር ነበራቸው፤ ሦስቱ ድፍን አረንጓዴ ነበሩ። «ሦስቱ ገና ናቸው» አልኩት። «እታለም፣ ገለባ ውስጥ ቅበሪያቸው፣ በሦስት ቀን ማር ይሆናሉ» አለኝ። እያመነታሁ ወሰድኳቸው።

ቤት ስገባ ማንጎዎቹን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመርኳቸው። የደረሰ ማንጎ በስታርቹ ምክንያት ስለሚከብድ ይሰምጣል። እንጭጩ ይንሳፈፋል። 14 ሰመጡ፣ 4 ተንሳፈፉ፣ 2 መሐል ላይ ቀሩ። ይህ ዘዴ እንደ ዝርያው ይለያያልና ለብቻው አልፈርድበትም። ከትከሻው ጋር ሲስማማ ግን አምነዋለሁ፤ ከተንሳፈፉት አራቱ ሦስቱ ትከሻቸው ያዘቀዘቀ ነበር። ፓፓያን በዚህ መንገድ መፈተን አይሞከርም። ሆዱ ባዶ ስለሆነ የደረሰውም እንጭጩም ይንሳፈፋል።

የሰመጡትንና የተንሳፈፉትን በተለያየ ካርቶን አስቀመጥኩ። በሰባተኛው ቀን ከሰመጡት አብዛኞቹ ቢጫ ሆነው ክፍሉን አወዱት። የተንሳፈፉት ልጣጫቸው ተጨማደደ። ሥጋቸው እንደ ጎማ ሆኖ ኮምጣጣነቱ አልለቀቀም። መሐል ላይ ከቀሩት አንዱ በሰለ፣ አንዱ እንደነገሩ ሆነ።

ፓፓያዎቹን ገለባ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኳቸው። መስመር የነበራቸው ሁለቱ በአምስተኛው ቀን በሰሉልኝ፤ ጣፋጭ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ሳይለሰልስ ተጨማደደ። ሁለቱ በዘጠነኛው ቀን እዚህም እዚያም ቢጫ ጣል አደረጉ፣ ለሰለሱም። ስቆርጣቸው ሥጋቸው ፈዛዛ፣ ጣዕማቸው ዱባ ዱባ የሚል ነበር። ጁሱን ስኳር ጨምሬበት እንኳ ለደንበኛ መስጠት ከበደኝ። ገለባውም ሆነ አጠገቡ የምናስቀምጠው የበሰለ ሙዝ መብሰልን ያፋጥናል። ያልገባ ስኳር ግን አያመጣም።

ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ ይህን አስቡ። ባለመስመር ፓፓያ በኪሎ ጥቂት ብር ቢጨምርም እኔ እሱን እይዛለሁ። ድፍን አረንጓዴ ብቻ ካለ ፓፓያውን ትቼ ትከሻው የሞላ ማንጎ እወስዳለሁ። ለነገ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ ግማሹ ቢጫ የሆነ ፓፓያ ወይም የሚሸት ማንጎ ነው የምፈልገው።

የገዛችሁትን አረንጓዴ ፍሪጅ አታስገቡ። ማንጎ ከ13 ዲግሪ በታች ለቀናት ከቆየ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ወጥቶም በደንብ አይበስልም። ፓፓያም ብርድ አይወድም። ፍሪጅ የሚገባው ከበሰለ በኋላ ነው፣ ያውም ለአንድ ሁለት ቀን።

የተንሳፈፉትን አራቱን ማንጎ አልጣልኳቸውም። ልጄ ከትፋ በጨውና በሚጥሚጣ በላቻቸው።