መነጽር ልታሠሩ ነው? ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የብሌን ርቀታችሁን አስለኩ

ወገኖች፣ ደብረ ብርሃንም ሁኑ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳም ሁኑ ሸዋ ሮቢት፣ መነጽር ልታሠሩ ካሰባችሁ እኛ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ይህን አንብቡ።

ታናሽ እህቴ አሥረኛ ክፍል ናት። ሰሌዳው አይታየኝም ስትለኝ ደብረ ብርሃን አንድ መነጽር ቤት ወሰድኳት። «ፍሬም ከገዛችሁ ምርመራው በነጻ ነው» ተባልን። ቁጥሯ ለሁለቱም ዓይን ማይነስ 4 ወጣ። ሰፊውን ፍሬም መረጠች፣ 3,800 ብር ከፈልኩ፣ በማግስቱ ተረከብን።

ያደረገች ቀን «ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ ግን ዓይኔን የሚጎትተኝ ነገር አለ» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ቅንድቧ መሐል ያማታል፣ ሲደክማት ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁለት ይሆንባታል። ተመልሰን ሄድን። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ትለምደዋለች» አሉን። እውነት ነው፣ አዲስ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ወለሉን ዝቅ ከፍ ሊያደርግባችሁ ይችላል። እሷ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ታግላ ምንም ለውጥ የለም።

ሌላ ቦታ ወሰድኳት። ባለሙያዋ መጀመሪያ አንድ ዓይኗን ሸፍና አስነበበቻት፤ ጥርት ያለ ነው። ሌላውንም ሸፈነች፤ እሱም ጥርት ያለ ነው። ሁለቱ ሲከፈቱ ነው ጭንቀቱ የሚመጣው። ያኔ «ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሌንሱ ቦታውን ስቷል» አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንዱ ዓይን ብሌን መሐል እስከ ሌላው ብሌን መሐል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካል፣ መነጽር ሠሪዎች ፒዲ ይሉታል። አብዛኛው አዋቂ ከ54 እስከ 74 ባለው ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ ሌንስ ደግሞ ብርሃን ሳይታጠፍ የሚያልፍበት አንድ ማዕከል አለው፣ ያ ማዕከል ከብሌናችሁ ፊት ለፊት መዋል አለበት። ካልዋለ ሌንሱ ምስሉን ወደ ጎን ይገፋዋል።

የእህቴ ፒዲ 58 ነው። የመነጽሩን እጀታ ከውስጥ በኩል ብታዩት 52 እና 16 የሚል ተጽፎበታል፦ 52 የአንዱ ሌንስ ስፋት፣ 16 አፍንጫ ላይ ያለው ድልድይ ነው። ሲደመሩ 68። ባለሙያዋ ሌንሱን መለኪያው ውስጥ አስገብታ በሁለቱም ላይ ማዕከላቸውን በቀለም ነጠብጣብ ምልክት አደረገችባቸው። በነጠብጣቦቹ መሐል ያለውን በማስመሪያ ለካሁት፦ ልክ 68! የብሌኗን ርቀት ጭራሽ አልለኩትም፣ ሌንሱን የፍሬሙ መሐል ላይ ሰክተው ሰጡን ማለት ነው።

ልዩነቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለእያንዳንዱ ዓይን 5። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሳተውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ታደርጉና በቁጥሩ ታባዛላችሁ። 0.5 ሲባዛ በ4፣ 2 ፕሪዝም። ፕሪዝም ምስሉ ወደ ጎን የተገፋበት መጠን መለኪያ ነው። ሁለቱ ዓይን ሲደመር 4። ይህም አንድ ሜትር ላይ ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት ምስል በ4 ሴንቲ ሜትር ይለያያል ማለት ነው። ምስሎቹን አንድ ለማድረግ ዓይኖቿ ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው፣ ዓይን ደግሞ ወደ አፍንጫ መዞር እንጂ ወደ ውጭ መከፈት አይሆንለትም። ለዚህ ነው ደብተሯን ስታነብ የሚሻላት፣ ሩቅ ያለው ሰሌዳ ግን የሚያሠቃያት። ቁጥሯ ግማሽ ቢሆን ኖሮ ያው ስህተት ለእያንዳንዱ ዓይን 1 ፕሪዝም ብቻ ስለሚሆን ላይሰማት ይችል ነበር። ቁጥራችሁ ከፍ ባለ መጠን ነው ዋጋ የምትከፍሉት።

ቤት ውስጥም መፈተሽ ትችላላችሁ። መነጽሩን በእጃችሁ ይዛችሁ በአንዱ ሌንስ በኩል የበር መቃን ጠርዝ እዩ። ከሌንሱ ውጭ ያለው መስመርና በሌንሱ ውስጥ የሚታየው ተሰባብሮ ይታያችኋል። መስመሩ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ እስኪያልፍ ድረስ ወደ ጎን አንቀሳቅሱት፣ እዚያ ላይ በፓርከር ነጥብ አድርጉ። ሌላውንም እንዲሁ። በነጥቦቹ መሐል ያለውን ለኩና ከፒዲያችሁ ጋር አስተያዩት። ሲሊንደር የሚባል ተጨማሪ ቁጥር ያለው ሌንስ መስመሩን ሊያዘነብለው ስለሚችል እሱን ለባለሙያ ተዉት።

መነጽር ቤቱ ብር አልመለሰልንም፣ «ሌንሱ አንዴ ከተቆረጠ አይንቀሳቀስም» ብለው ሸኙን። መቆረጡ እውነት ነው፣ ስለዚህ ነው ከመቆረጡ በፊት መለካት ያለበት። ማስመሪያ ይዘው ወይም በመሣሪያ ዓይናችሁን ሳይለኩ ገንዘብ የሚቀበል ካለ ጥላችሁት ውጡ። ከለኩ ደግሞ ፒዲውን ደረሰኙ ላይ ከቁጥሩ ጋር አስጽፉት፣ ስትረከቡም ነጠብጣቡ ተደርጎበት አሳዩን በሉ።

እህቴ አሁን 46 እና 16 የሚል ጠበብ ያለ ፍሬም አድርጋለች፣ ሌንሱ በየዓይኑ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ተስቦ ተገጠመላት። በሁለተኛው ቀን ቅንድቧን መያዝ አቁማለች።