አይስ ሜከር ያለው ፍሪጅ ከመግዛታችሁ በፊት የቧንቧችሁን ግፊት አስለኩ

ያገለገለ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ፣ በተለይ በረዶ ራሱ ሠርቶ በሩ ላይ የሚያወርደውን፣ ለመግዛት የምትዞሩ ካላችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እህቴ አንዱን ገዛች። ከፍሪጁ ዋጋ ሌላ ለሦስት ጥገና ከፍላለች፣ ሦስቱም አላስፈላጊ ነበሩ። ፍሪጁ ምንም አልነበረውም።

ሱቅ ውስጥ ስታየው በረዶው ሙሉ ሙሉ ሆኖ ግልብጥ ይል ነበር። ሻጩ እዚህ ላይ አልዋሸም፣ ሱቁ ፓምፕ አለው። ቤት መጥቶ ሲገጠም ግን የሚወጣው የጣት ጫፍ የምታክል፣ መሃሏ ባዶ የሆነች፣ ስትነካ የምትሰበር ነገር ሆነች። ሻጩ ጋ ሲደወል «ያገለገለ ዕቃ ጋራንቲ የለውም፣ ግን የራሴን ልጅ እልክላችኋለሁ» አለ። ብሩ የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው።

የመጣው ልጅ በረዶውን አየና «አይስ ሜከሩ ሞቷል» ብሎ ሙሉውን ቀየረው። ያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ በረዶ ቀረ። ተመልሶ መጣና ውሃው የሚገባባት ቀጭን ቱቦ በበረዶ መደፈኗን አገኘ፣ በፀጉር ማድረቂያ አቀለጠላትና ተከፈለው። ለተወሰኑ ቀናት ሠራ፣ ከዚያ ደግሞ ቆመ። በሦስተኛው ከኋላ ያለው የውሃ መግቢያ ቫልቭ ተቀየረ። በረዶው አሁንም ያችው ባዶዋ ናት።

ብዙው አይስ ሜከር ውሃውን የሚለካው በመጠን ሳይሆን በጊዜ ነው። በብዙዎቹ የአሜሪካ ፍሪጆች ቫልቩ ለሰባት ሰከንድ ተኩል አካባቢ ተከፍቶ ይዘጋል፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ወደ 140 ሚሊ ሊትር ውሃ ይገባል ተብሎ ነው የተሠራው። ግፊቱ ደካማ ከሆነ ሰዓቱ ያው ሰባት ሰከንድ ነው፣ የሚገባው ውሃ ግን ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ማሽኑ ይህን አያውቅም። ውሃ ደግሞ ሲረጋ ከዳር ነው የሚጀምረው። ውሃው የሚረጋበት ቅርጽ በቂ ቀዝቅዟል ብሎ ሙቀት መቆጣጠሪያው ሲያስብ ይገለብጠዋል፣ ትንሿ ውሃ ዳር ዳሯ ረግቶ መሃሏ ገና ሳይረጋ ትወድቃለች። ባዶዋ በረዶ ማለት ይቺ ናት።

ለመሆኑ ስንት ግፊት ይፈልጋል? በብዙ መመሪያ ላይ ዝቅተኛው 1.4 ባር ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ በአሜሪካኖቹ ልኬት 20 ፒ ኤስ አይ። አሁን የራሳችሁን ቤት አስቡ። ውሃ ከሮቶ ሲወርድ እያንዳንዱ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ነው የሚሰጠው። የእህቴ ቤት ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ሮቶው ጣሪያ ላይ፣ ወጥ ቤቱ ምድር ላይ። ከውሃው እስከ ፍሪጁ ስድስት ሜትር ቢሆን ነው። 0.6 ባር ማለት ነው። 1.4 ለማግኘት ሮቶው አሥራ አራት ሜትር ላይ መሰቀል ነበረበት! ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ደግሞ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሮቶው ጂ ፕላስ ፎር ጣሪያ ላይ ከሆነ ምድር ያለው ጎረቤታችሁ ፍሪጅ ይሠራ ይሆናል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ያው ፍሪጅ ግን አይሠራም። «የጎረቤቴ ይሠራል» ለሚል ሻጭ መልሱ ይህ ነው።

ቱቦዋ ደግማ ደጋግማ የምትደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ቫልቭ ጥብቅ ብሎ ለመዘጋት ራሱ የውሃው ግፊት ያስፈልገዋል። ግፊቱ ሲያንስ ጠብ ጠብ ማለት ይቀጥላል፣ ጠብታዋ ፍሪዘሩ ውስጥ ገብታ ቱቦዋ ላይ ትረጋለች፣ ከዚያ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ያቀለጠላችሁ ሰው ለጥቂት ቀን እውነተኛ ይመስላል፣ ለዚያም ነው ሁለተኛ የምትጠሩት።

የእህቴን ችግር ያገኘው የፍሪጅ ባለሙያ አይደለም፣ የሰፈሩ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ፍሪጁን የምታገናኘውን ጎማ ነቅሎ የግፊት መለኪያ ሰካበት፣ ከግማሽ ባር ትንሽ ፈቅ አለ። ከዚያ «የመስመር ውሃ የሚመጣላችሁ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ስታስበው ፈረቃው ደርሶ ውሃ በመጣባቸው ጠዋቶች በረዶው ደህና ይሆን ነበር። የእሷ ቤት መስመሩ ሮቶውን ከመሙላቱም ሌላ በቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ ይገባል። በዚያ ቀን ሲለካ ከሁለት ባር በላይ ነበር። ሦስት ጊዜ የተከፈለው ሰው ይህን ጥያቄ አንዴም አልጠየቃትም።

መለኪያ ከሌላችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ፍሪጁ የሚገናኝበትን ቀጭን ቱቦ ከፍሪጁ ጫፍ ነቅላችሁ ሙሉ በሙሉ ክፈቱና በሰዓት ሙሉት። ማሽኑ በራሱ ሂሳብ ግማሽ ሊትር ለመቅዳት ሃያ ሰባት ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ያውም በጠባቡ ቫልቭ ውስጥ አልፎ። ቱቦው ለብቻው ከዚያ በላይ ከፈጀ አይስ ሜከር መቀየር ብር መጣል ነው። ሮቶው ከፍ ይላል ብላችሁ አትገምቱ፣ ለኩት። ከመስመሩ ላይ የውሃ ማጣሪያ ካለም ግፊቱ ከማጣሪያው በኋላ ነው የሚለካው፣ ማጣሪያ ከራሱ ይወስዳል።

በውሃ ፈረቃ ቀንም፣ ጥሩ ግፊት እያለም በረዶው ትንሽ ከሆነ ያኔ ቫልቩን ጠርጥሩ። ከመቀየሩ በፊት ግን ጎማው የሚታሰርበት አፍ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አስወጡ። የሮቶ ዝቃጭና አሸዋ እዚያ ላይ ነው የሚከማቸው። ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ ውሃውን ዝጉ፣ ወንፊቷን በጥርስ ብሩሽ አጥባችሁ መልሷት። አንዳንዱ ጠጋኝ «አታስፈልግም» ብሎ ይጥላታል፣ እንዳትፈቅዱለት፣ ቀጥሎ አሸዋው ቫልቩ ውስጥ ገብቶ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ወንፊቷ ንጹህ ሆና ውሃ የማይገባ ከሆነ ጠጋኙ የቫልቩን የሽቦ ጥቅል በኤሌክትሪክ መለኪያ እንዲለካላችሁ ጠይቁ፦ በ110 ቮልት የሚሠራ ጤነኛ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ኦም ያነባል፣ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ፍሪጁ በትራንስፎርመር የሚሠራ የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የ220 ቫልቭ እንዳይገጥሙላችሁ፣ 110 ሲሰጠው ደክሞ ነው የሚከፈተው ወይም ጭራሽ አይከፈትም።

እህቴ በመጨረሻ ግፊት ሲወርድ ራሱ የሚነሳ ትንሽ ፓምፕ ከሮቶው በታች አስገጠመች፣ ሻወሩም አብሮ ተሻለ። ሮቶው ባዶ ሲሆን ፓምፑ ደርቆ እንዳይሠራ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ካላስገባችሁ ግን ፓምፑን ታቃጥሉታላችሁ። አሮጌውን አይስ ሜከር ጠጋኙ «ለስክራፕ» ብሎ ወስዶት ነበር፣ ደህና ዕቃ ነው፣ ምናልባት አሁን ሌላ ቤት ተገጥሟል። የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌው እናንተ ጋ ይቅር። ሻጩንም ከመክፈላችሁ በፊት ይህ ፍሪጅ ስንት ባር ይፈልጋል በሉት፣ መልሱን ደረሰኙ ላይ ያስፍር።