የደብተሬን ፎቶ ወደ ማጥኛ ካርድ ለለወጠችልኝ እህት

ምስጋና በአደባባይ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ይህን ግን ዝም ብዬ ባልፈው ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ልጅ የፋርማኮሎጂ ደብተሬን ወደ ማጥኛ ካርድ ለውጣልኛለች። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በተለይ ቀን ሠርታችሁ ማታ የምትማሩ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በማታው ክፍለ ጊዜ እማራለሁ። መምህራችን እንደ ጎርፍ ነው የሚናገረው። እኛም ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ የቀረውን በቀስት እየጻፍን እንከተለዋለን። ደብተር ዘርግቶ ለማጥናት ደግሞ ጊዜ የለኝም። የማጠናው ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሌሊት ተረኛ ስሆን፣ ልጆቼ ሲተኙ ነው። ለዚህ ከፊቱ ቃሉን፣ ከጀርባው ትርጉሙን የያዘ፣ ኪስ የሚገባ ካርድ የመሰለ ነገር የለም።

ከእርሷ በፊት የሄድኩባቸውን ቤቶች ስም አላነሳም፤ ምሬቴን ግን ልናገር። አንደኛው ቤት የሚያስከፍለው በካርድ ብዛት ነበር። ካርዱ በበዛ ቁጥር ሒሳቡ ስለሚጨምር አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ቆራርጦ ሦስት ካርድ አደረገው። ይህም ይሁን። ቤት ገብቼ ሳገላብጠው የአንዱ መድኃኒት ጀርባ የሌላው መድኃኒት መልስ ሆኖ አገኘሁት! ሙሉ ጥራዙ እንደዚያ ነበር። ልመልስ ብሄድ «ፊቱም ጀርባውም ታትሟል፤ ምን ቀረ?» ተባልኩ። ሌላው ቤት ደግሞ ፎቶዎቼን ፊደል ለሚያነብ ፕሮግራም ሰጥቶ፣ ፕሮግራሙ የተፋውን አንድ ጊዜ እንኳን ሳያነብ አትሞ ሸጠልኝ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የታተመ ጽሑፍ ላይ ደህና ይሠራ ይሆናል፤ በጥድፊያ የተጻፈ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲደባለቅበት ግን የሚሰጠው ቃል ሳይሆን ፍርስራሽ ነው። ለዚያም ገንዘብ ከፍያለሁ።

ይህችን ልጅ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስሄድ መጀመሪያ ያደረገችው ሥራውን መቀበል ሳይሆን ግማሹን ፎቶ መመለስ ነበር። «ሲስተር፣ እነዚህ ማታ በአምፖል የተነሱ ናቸው፤ የእጅዎ ጥላ መስመሩን በልቶታል» አለችኝ። ቀን መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከገጹ ትይዩ አድርጌ፣ የገጹ አራቱም ማዕዘን እንዲታይ እንዳነሳ ነገረችኝ። ከማንሳቴ በፊትም እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ቁጥር እንድጽፍ አደረገችኝ። የቁጥሩ ጥቅም የገባኝ በኋላ ነው፤ ካርዱ ሁሉ ጥጉ ላይ የመጣበትን ገጽ ቁጥር ይዟል። የተጠራጠርኩትን ካርድ ይዤ በቀጥታ ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ።

ስለ ጀርባው መዘባረቅም ያስረዳችኝ እርሷ ናት። አንድ ሉህ ላይ ስምንት ካርድ በሁለት ዓምድ ይታተማል። ወረቀቱ ሲገለበጥ የግራው ዓምድ ቀኝ ይሆናል፤ ስለዚህ የጀርባው መልሶች የግራና የቀኝ ቦታቸውን ተለዋውጠው መቀመጥ አለባቸው። ያ ካልተደረገ እያንዳንዱ ካርድ የጎረቤቱን መልስ ይሸከማል። ሙሉውን ከማተሟ በፊት አንድ ሉህ ብቻ አትማ መስኮቱ ላይ ለጥፋ በብርሃን ታየዋለች። ሌሎቹ ይህን ማድረግ ምን ያህል ከባድ ሆኖባቸው ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሽንት ስለሚያበዙ መድኃኒቶች ወደጻፍኩበት ገጽ። ስለ ፉሮሰማይድ የጻፍኩት አንድ ረጅም አንቀጽ ነው። እርሷ ከዚያ ውስጥ የተለያዩ ጥያቄዎችን አወጣች። አንዱ ካርድ «ፉሮሰማይድ ኩላሊት ውስጥ የሚሠራው የት ነው?» ይላል፤ ጀርባው «በሄንሌ ቀለበት፣ ወደ ላይ በሚወጣው ወፍራም ክፍል»። ሌላው ከሰውነት ምን እንደሚያሳጣ ይጠይቃል። «ሃይፖካሌሚያ» የሚለው ቃል ደግሞ ለብቻው ካርድ አለው፤ ትርጉሙ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 ሚሊሞል በታች መውረዱ ነው። አንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። ብዙ ነገር የታጨቀበት ካርድ ግማሹን አውቀህ ግማሹን ስትስት፣ አወቅሁት ትበል ወይስ አላወቅሁትም? የሳልኩትን የኩላሊት ሥዕል እንኳን አልጣለችውም። ከፎቶው ቆርጣ፣ ስሞቹን አጥፍታ በቁጥር ተካቻቸው፤ ስሞቹ ጀርባ ላይ ናቸው።

ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ስልክ ደወለችልኝ። «ሲስተር፣ ስፓይሮኖላክቶን ላይ ቆሜያለሁ። ገጽ 31 ላይ ፖታሲየም ይቆጥባል ይላል፤ ገጽ 32 ላይ ደግሞ ፖታሲየምን ዝቅ ያደርጋል የሚል ይመስላል። ቃሉ ሃይፖ ይሁን ሃይፐር ከእጅ ጽሑፉ መለየት አልቻልኩም። ልገምት አልፈልግም።»

ወገኖቼ፣ ይህች ልጅ ጤና አልተማረችም። ስፓይሮኖላክቶን ምን እንደሆነ አታውቅም። ሁለቱ ካርዶች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ግን አየች! ትክክለኛው ሃይፐር ነው፤ መድኃኒቱ ፖታሲየም እንዳይወጣ ስለሚይዝ፣ የሚፈራው በደም ውስጥ መብዛቱ ነው። ፉሮሰማይድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁለት ፊደል ተሳስቶ ቢታተም ኖሮ እኔ ስህተቱን በቃሌ ሸምድጄ በሽተኛ ፊት እቆም ነበር። በዚያው ስልክ ዲጎክሲን ስለሚባለው የልብ መድኃኒትም ጠየቀችኝ፤ 250 ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ ያለው ምልክት ጭራ ያለው ስለመሰላት ነው። ማይክሮግራም ነበር። ሚሊግራም ተብሎ ቢጻፍ መጠኑ ሺህ እጥፍ ይሆን ነበር። ካርዱ ላይ ምልክቱን ትታ «ማይክሮግራም» ብላ በሙሉ ቃል ጽፋልኛለች። መልስ እስክሰጣት ድረስም የእነዚህን ካርዶች ጀርባ ባዶ ትታ በቢጫ ቀለም ምልክት አድርጋባቸው ነበር።

ስልኩን ዘግቼ እንባዬ መጣ። ለሰው ሥራ እንዲህ የሚጨነቅ አለ ወይ?

የማትሠራውንም ልናገር፤ ደብተራችሁን አታርምም። መምህሩ ሲናገር በስህተት ከሰማችሁትና የጻፋችሁት እርስ በርሱ ካልተጋጨ ካርዱም ያንኑ ስህተት ይዞ ይወጣል፤ ይህን ራሷ አስቀድማ ትናገራለች። ስለዚህ ካርዱን ስትቀበሉ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ተቀምጣችሁ ጥቂት ገጾች አመሳክሩ። ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም።

የምታስከፍለው በደብተር ገጽ ነው፤ ካርዱ ቢበዛም ቢያንስም ዋጋው ያው ነው። የምትጠቀመው ወረቀት ወፍራም ስለሆነ የጀርባው መልስ ወደ ፊት አያሳይም። እባካችሁ ዋጋ አትከራከሯት፤ እኔ ሌላ ቦታ የጣልኩት ገንዘብ ይበልጣል። አድራሻዋን በራሷ ፈቃድ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ተማሪዎች፣ በተለይ የመውጫ ፈተና የሚጠብቃችሁ፣ ሂዱላት። ግን ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲደርስ ወረፋው ከበሩ ውጭ ነው የሚጀምረው።