ባለገመድ ትራፓኖና ብሌንደር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ በሁለቱም ዓይነት ጅረት የሚዞረው ሞተር

ባለ 650 ዋት ትራፓኖና ባለ 500 ዋት ብሌንደር ለቤት ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። አንዱ ግድግዳና ጣውላ ሲበሳ፣ ሌላው የአቮካዶ ጭማቂና ዳጣ ሲፈጭ ቆይቷል። ሥራቸው ቢለያይም በሁለቱም ውስጥ ያለው ዩኒቨርሳል ሞተር የሚባለው ነው። ይህ ሞተር በተለዋዋጭም በቀጥተኛም ጅረት ስለሚዞር፣ ግምገማዬ በዋናነት በእርሱ ላይ ያተኩራል።

በሞተሩ ቋሚ አካል ላይ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ፣ ጠጋኞች ፊልድ የሚሉት፣ ማግኔታዊ መስኩን ይፈጥራል። በመካከል የሚዞረው አርማቸር ደግሞ ጅረቱን የሚያገኘው ኮሙቴተር በሚባለው ባለብዙ ክፍል የመዳብ ቀለበት ላይ ከሚንሸራተቱ ሁለት ካርቦኖች ነው። ዋናው ነገር ፊልዱና አርማቸሩ በተከታታይ መገናኘታቸው ነው፤ በአንዱ ያለፈ ጅረት የግድ በሌላውም ያልፋል። አርማቸሩን የሚገፋው ኃይል አቅጣጫ የሚወሰነው በመስኩና በአርማቸሩ ጅረት በመሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢገለበጥ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሁለቱ እኩል ሲገለበጡ ግን ግፊቱ አቅጣጫውን አይለቅም። ስለዚህ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ጅረቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ሲገለባበጥ ግፊቱ እየጎላና እየደከመ ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። መስኩን ከቋሚ ማግኔት የሚያገኝ ሞተር በዚሁ መስመር ላይ ቢገናኝ ባለበት እየተንቀጠቀጠ ይግል ነበር።

ይህን በብሌንደሩ ላይ ማየት ይቻላል። የእኔ ብሌንደር ማብሪያ ባለ ሁለት ደረጃ ተራ ማብሪያ ሲሆን፣ በዝቅተኛው ደረጃ ጅረቱ በአንድ ዳዮድ በኩል ያልፋል። ዳዮዱ ከተለዋዋጩ ጅረት ግማሹን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ሞተሩ በደረጃ አንድ የሚሠራው አቅጣጫውን በማይቀይር፣ ግን በሚቆራረጥ ጅረት ነው፤ በደረጃ ሁለት ደግሞ ሙሉውን ተለዋዋጭ ጅረት ያገኛል። ጆጉን አንሥቼ፣ ስፒናውን ከሶኬት ነቅዬ፣ በተከታታይ ከተያያዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪዎች ጋር ሳገናኘው በደረጃ ሁለት ቀስ ብሎ ዞረ፤ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ሳቀያይርም በዚያው አቅጣጫ ዞረ። በደረጃ አንድ ግን ገመዶቹ በአንደኛው አኳኋን ሲገናኙ ዝም አለ፣ ሲቀያየሩ ተንቀሳቀሰ፤ የከለከለው ዳዮዱ እንጂ ሞተሩ አይደለም። በ24 ቮልት ጭማቂ እንደማይፈጭ ግልጽ ነው፤ የተሠራው ለ220 ቮልት ነውና።

ትራፓኖው በዚሁ ባትሪ አልተነሣም። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ቃታ ትራያክ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ የያዘ ሲሆን፣ ትራያኩ አንዴ ከበራ የሚጠፋው ጅረቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው። በተለዋዋጭ ጅረት ይህ በየግማሽ ዙሩ ይሆናል፤ በቀጥተኛ ጅረት ግን ዜሮ የሚባል ቅጽበት የለም። ስለዚህ ትራያኩን ሊያበራ የሚችል ከፍ ያለ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ቢሰጠው እንኳ ቃታው ፍጥነቱን መቆጣጠር አይችልም። ሞተሩ በሁለቱም ይሠራል ማለት መሣሪያው በሙሉ በሁለቱም ይሠራል ማለት እንዳልሆነ የፀሐይ ኃይል ባትሪ ያላቸው ሰዎች ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ተለዋዋጩ ጅረት ያለ ዋጋ አይደለም። ተለዋዋጭ መስክ በድፍን ብረት ውስጥ የሚያግል ጅረት ስለሚፈጥር፣ የፊልዱ ብረት ከተደራረበ ስስ ቆርቆሮ ይሠራል፤ ካርቦኖቹ ሥር የሚታየው ብልጭታም በተለዋዋጭ ጅረት ይበረታል። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ጤናማ ነው። ቢጫ ሆኖ ኮሙቴተሩን ከዞረው፣ ሞተሩም መነሣት እያመነታ ከሄደ፣ ካርቦኑ አልቋል ወይም ኮሙቴተሩ ተጎድቷል። የትራፓኖው ካርቦኖች አጥረዋል፣ ግን ገና ይሠራሉ፤ ከውጭ በጠመንጃ መፍቻ በሚከፈት ክዳን ሥር መሆናቸውን ወድጄዋለሁ። ለብሌንደሩ ግን ታቹ በሙሉ መፈታት አለበት፤ ይህ ንድፍ አያስመሰግንም።

ጩኸቱ ከባድ ነው፤ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ተራ ኢንዳክሽን ሞተር በደቂቃ ከ3,000 ዙር ማለፍ ስለማይችል፣ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ፍጥነት በትንሽና ቀላል ሞተር ማግኘት ከተፈለገ ግን ጩኸቱን መቻል ነው። ብሌንደሩ በተከታታይ ከ1 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ መመሪያው ያዛል፤ ወፍራም የተምር ፍጭት ሲገባበት ዙሩ ይወርዳል፣ የሚስበው ጅረት ይጨምራል፣ ማቀዝቀዣ ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር ስለሚዘገይም የቫርኒሽ ሽታ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ፍጭት ውኃ ጨምሬ በአጭር በአጭሩ እፈጨዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሽታው አልመጣም።