ሀዋሳ ያላችሁ፣ ቤታችሁ የስኳር ታማሚ ካለ ይህን ጫማ ሰፊ እወቁት

አረብ ሰፈር አካባቢ በትንሽ ኮንቴነር ውስጥ ጫማ የሚሰፋ አንድ ወንድማችንን ለማመስገን ነው የምጽፈው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ አልጽፍም። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ አሳያችኋለሁ።

እማዬ ስኳር ካገኛት ቆይቷል። እግሯ እየደነዘዘ የመጣው ግን በቅርቡ ነው። ለበዓል ጫማ ልንገዛላት አንድ ሱቅ ገባን። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ግን እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስኳር እንዳለባት ነግረነዋል እኮ! «ቆዳ ነው፣ እየተደረገ ይለቃል» አለን። እማዬም ተመችቶኛል አለች። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ትንሿ ጣቷ ውሃ ቋጥራ፣ ፈንድታ፣ ደምታ አገኘናት፤ እሷ ምንም አልተሰማትም። ካልሲው ነጭ ባይሆን ኖሮ ደሙንም አናየውም ነበር። ጫማውን ይዘን ብንመለስ «ችግሩ የእግሯ ነው» ተባልን። የእግሯ! ቁስሉ እስኪድን ጤና ጣቢያ ስንመላለስ የከረምነውን እኛ እናውቃለን።

ከዳነች በኋላ ያንኑ ጫማ ያሰፋልኝ ብዬ ወደዚህ ልጅ ወሰድኩት። ሌላው ቢሆን ወጥሮ ብሩን ይቀበል ነበር። እሱ ባዶ እጁን ውስጡ ከተተና ቀስ ብሎ ዳሰሰ። ከዚያ «አንቺም እይው» አለኝ። ልክ ትንሿ ጣት በምታርፍበት ቦታ ሁለት ቆዳ የተገጠመበት ስፌት አለ፤ ክሩ የተቋጠረበት ቦታ እንደ ጠጠር ይቆረቁራል። «ይሄ ቢሰፋም ስፌቱ የትም አይሄድም፣ ለእማማ አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ። ሳንቲም አልተቀበለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

«ከሰዓት በኋላ ይዘሻቸው ነይ፣ የሚያደርጉትንም ካልሲ አትርሺ» አለኝ። እግር ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነው ጫማ ማታ ይጠባል አለ። ስንሄድ እማዬን ካርቶን ላይ አቆማት። እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ሁለቱንም እግሯን ዙሪያውን ሳለ። ቀኙ ከግራው ሰፋ ይላል፣ እኛ አናውቅም ነበር። የሳለውን ቆርጦ ያ የፈረደበት ጫማ ውስጥ ሲያስገባው ካርቶኑ በጎንና በጎኑ ተጣጠፈ። እማዬ ራሷ ሳቀች። የደነዘዘ እግር ልክ የሆነውን ጫማ ሰፋኝ ይላል፣ የሚሰማው ሲጠብ ብቻ ስለሆነ የጠበበውን ይመርጣል፤ ስለዚህ «ተመቸኝ» ሲሉ አትመኚ፣ ለኪ አለኝ። ስለ ነርቩ ሐኪሞቹ ብዙ አስረድተውኛል፣ አልገባኝም። ይሄኛው ግን ገባኝ።

የሠራላት ጫማ ፊቱ ሰፊና ከፍ ያለ ነው፤ ቆዳው ለስላሳ፣ ከጣቶቿ በላይ ስፌት የሌለበት፣ በማሰሪያ የሚጠብቅ። ቆማ ሳለች ከረጅሟ ጣት ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ አለ። (የእማዬ ረጅሟ ጣት ሁለተኛዋ ናት፣ ብዙ ሰው በአውራ ጣቱ ብቻ ይለካል።) በጣም ሰፊም አላደረገውም፣ ተረከዝ ከተንሸራተተ እሱም ይልጣል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ታድርገው፣ አውልቃችሁ እግሯን እዩ፣ የቀላው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልጠፋ መልሺልኝ አለ። በአውራ ጣቷ ጎን ያለው አጥንት ላይ ቀላ፣ ቆየን፣ አልጠፋም። መለስኩለት። ያቺን ቦታ ብቻ ወጥሮ አስተካከላት፣ አሁንም አላስከፈለም። እግዜር ይስጠው!

አሁን ማታ ማታ እግሯን የማየው እኔ ነኝ፣ ዓይኗ ስለደከመ። በጣቶቿ መሃል፣ ተረከዟን፣ ከስር ያለውን ሁሉ። ብቻውን የሚኖር ሰው መስታወት መሬት ላይ አስቀምጦ ከስር ማየት ይችላል። ጫማውንም ከማድረጓ በፊት አራግፋ ውስጡን በእጇ ትዳስሳለች። ባለፈው የበቆሎ ፍሬ አገኘችበት፣ የልጄ ሥራ ነው።

ሂዱ፣ እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ። ቁስል ያለበት ወይም ቅርጹ የተለወጠ እግር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን አይሠራላችሁም። «መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ብሎ ይመልሳችኋል፤ እኔ ፊት አንድ አባትን እንደዚያ ብሎ ባጃጅ ጠርቶ ጤና ጣቢያ ልኳቸዋል። ጠዋት ጠዋት ወረፋ አለ፣ ለልክ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ።