የለገጣፎ ሳሎን፣ የቆዳ ሐኪሟና ልብስ ሰፊው

አገር ቤት ስመጣ የማርፈው ለገጣፎ እህቴ ጋ ነው። ዘንድሮ ብብቴና የጭኔ ውስጥ መጥቆሩን ለባለሙያ አሳየሁ። ለሌላ መጪ ይጠቅም እንደሆነ፣ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የውበት ሳሎን ገባሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹ ትሁት ናቸው። ያቀረቡልኝ ግን በስኳርና በሎሚ ፈትጎ ማንጻት ነበር። ጭን የሚጠቁረው እኮ ብዙውን ጊዜ በመፋተግ ነው! ቆዳ ከቆዳ ወይም ከልብስ ጋር ሲታሽ ይቆጣል። የተቆጣ ቆዳ የሚያጠቁረውን ቀለም፣ ሜላኒንን፣ ያበዛል፣ እየቆየም ይወፍራል። በዚያ ላይ መልሶ መፈተግ ምን የሚሉት ነው? ስም ያልተጻፈበት የማቅያ ቅባትም አሳዩኝ። እንዲህ ዓይነቱ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል። ጠንካራ ስቴሮይድ ብብትና ጭን ላይ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ የማይጠፋ ሸንተረርም ያወጣል። አመስግኜ ወጣሁ።

የቆዳ ክሊኒኩ ወረፋ ያሰለቻል፣ ሐኪሟ ግን ታስክሳለች። ብብቴን ከማየቷ በፊት አንገቴን አየች። አንገትም ብብትም ጠቁሮ እንደ ከፋይ ጨርቅ ከወፈረ የስኳር ምርመራ ያስፈልጋል አለችኝ፤ ያ ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ቀጥላ መብራት አጥፍታ በልዩ መብራት ጭኔን አየች። በባክቴሪያ የሚመጣ ጥቁረት ካለ እዚያ ላይ ቀላ ብሎ ያበራል። የኔ አላበራም። «እህቴ፣ ያንቺ ፍትጊያ ነው» አለችኝ።

ያዘዘችልኝ 15 በመቶ አዜላይክ አሲድ ነው። ማታ ማታ፣ በደረቅ ቆዳ ላይ፣ ስስ አድርጎ መቀባት፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን እየዘለሉ። ትንሽ መቆጥቆጥ ያለ ነው። ከቀላ ወይም ከላጠ ግን ማቆም፤ ቁጣው ራሱ መልሶ ያጠቁራል። በተላጩበት ማታ አይቀባም። ብብትን በሰም መንቀል ለጊዜው ቀረ፣ ሽታ ያለው ዲኦዶራንትም እንዲሁ። ቀን ላይ ጭን ለጭን በሚገናኝበት ቦታ ቫዝሊን። ለውጡ በወራት ነው የሚታየው። እጥፋት ያለበት ቦታ በተፈጥሮው ጠቆር ስለሚል የፊቴን ዓይነት መልክ እንዳልጠብቅም ነገረችኝ። ይህን በግልጽ መናገሯን ወደድኩላት።

ከሁሉ በላይ የረኩት ግን በሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው። ቀሚስ ስለብስ ጭኖቼ እንዳይገናኙ ከስስ ጥጥ፣ ከጉልበት ከፍ የሚል የውስጥ ቁምጣ አሰፋሁ። ጋሼ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። በሁለቱ እግሮች መሃል አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ አስገቡና ስፌቱን ከሚፋተገው ቦታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉት። ከሱቅ የሚገዛው ስፌቱ ልክ መሃል ላይ ስለሚያልፍ እሱ ራሱ ይልጣል። አንድ ጉድለታቸው ቀጠሮ አያከብሩም። አገር እንደገባችሁ እዘዙ፤ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ጨርቁን አጥባችሁ ስጧቸው።